ቀስ ብሎ ለሚሸጥ መለዋወጫ ሴፍቲ ስቶክ ስንት ልያዝ?

ሰላም ወገን፣ ጎንደር የአይሱዙ መለዋወጫ የሚያከፋፍል ሱቅ ውስጥ ስቶክ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፣ የቸገረኝ ቀስ ብሎ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ለምሳሌ ዋተር ፓምፕ በ24 ወር 9 ፍሬ ብቻ ነው የወጣው፣ 19ኙ ወር ዜሮ፣ ሦስት ወር አንድ አንድ፣ አንድ ወር 2፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ከመተማ ሰሊጥ የሚያመላልስ ደንበኛ 4 ፍሬ በአንዴ ወሰደና ባዶ ቀረን። አዘን እስኪገባ 3 ወር ይፈጃል።

መጀመሪያ ያለፈውን 3 ወር አማካይ ሞከርኩ፣ ወይ ዜሮ ይላል ወይ ከተሸጠ በኋላ ይዘላል፣ ተውኩት። ከዛ የ3 ወሩ ፍላጎት በአማካይ 1.125 ነው ብዬ ኤክሴል ላይ ይሄን አስገባሁ፦

```
=POISSON.DIST(3,1.125,TRUE)
```

97% ሰጠኝ፣ ማለትም 3 ሲቀር ካዘዝን ይበቃል። ግን አላመንኩትም፣ ፖይሰን የሚሠራው ቫሪያንሱ ከአማካዩ ጋር ሲቀራረብ ነው፣ የኔ የወር አማካይ 0.375 ሆኖ ቫሪያንሱ 0.85 ነው። ያቺን የ4 ፍሬ ግዢ ሳወጣት 0.21 እና 0.26 ይሆናሉ፣ 2 ፍሬም ይበቃል ይላል፣ ሳላወጣት በኔጌቲቭ ባይኖሚያል ስሠራው ግን ለ95% 4 ፍሬ ይፈልጋል። 2ና 4 ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ብዙ ዕቃ ላይ ሲባዛ የታሰረ ብር ነው።

እንዲህ ያለውን አንድ ትልቅ ግዢ ከዳታው አውጥቼ በፖይሰን ልቀጥል ወይስ አስገብቼው በኔጌቲቭ ባይኖሚያል ልያዝ?