የጭነት መዘግየት ኢሜይል ላይ የገዢውን ቀልድ ልመልስ ወይስ ልለፈው?

ሰላም ለሁላችሁ። ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ከገዢዎች ጋር የምጻጻፈው እኔ ነኝ። የይርጋጨፌ ጭነታችን ጅቡቲ ላይ መርከቡ ስላመለጠው በ9 ቀን ይዘገያል፤ ለሀምቡርግና ለሲያትል ገዢዎች ዛሬ ማሳወቅ አለብኝ።

የተሰጠኝ ረቂቅ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይጀምርና “እባክዎ ያረጋግጡ!!” ብሎ ያበቃል። ተረቱን ከሁለቱም አወጣሁት፤ ጭነት የዘገየበት ሰው “አልቸኮሉም” ብሎ ነው የሚያነበው። ቃለ አጋኖ ከጥያቄ ኋላ ሲመጣ ትእዛዝ ስለሚመስል እሱንም በነጥብ ተካሁት። የሲያትሉ ገዢ ግን ሁሌ “አመሰግናለሁ!” ብሎ ስለሚጽፍ፣ ለእሱ ምስጋናው ላይ አንድ ተውኩ። ለሀምቡርጉ በማዕረግና በቤተሰብ ስም ጀምሬ፣ አዲሱን የመድረሻ ቀን በመጀመሪያው መስመር፣ ምክንያቱን በሁለተኛው አስቀመጥኩ።

የቸገረኝ ይሄ ነው፦ የሀምቡርጉ ገዢ ባለፈው ኢሜይሉ ስለ ከተማው ዝናብ ቀልዶ ነበር። ዝም ብል ቅር ይለዋል ብዬ እሰጋለሁ፤ ብመልስለት ደግሞ የዘገየነው እኛ ስለሆንን መዘግየቱን ያቃለልኩ ይመስላል። ከጀርመን ገዢዎች ጋር የምትጻጻፉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር ወይስ ጭነቱ እስኪደርስ ላቆየው?