አሥር ቀን «ጉልህ» ነው?

ማህሌት፦ አጎቴ የቆሽት ካንሰር አለበት። ኤርሎቲኒብ የሚባለውን ክኒን ከጄምሲታቢን ኬሞ ጋር የሞከረ ጥናት አገኘሁ። ፒ ቫልዩው 0.038 ነው፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2005 ፈቅዶታል። ሐኪሙ ግን «ጥቅሙ ትንሽ ነው» አለን። ውጤቱ ሲግኒፊካንት፣ ማለትም «ጉልህ» ከተባለ ይሠራል ማለት አይደለም?

ዳዊት፦ ማህሌት፣ አይዟችሁ። ሐኪማችሁ ልክ ነው። ጥናቱ 569 ሕሙማን ነበሩት። ሁሉም ኬሞውን ወሰዱ። ግማሹ ክኒኑን፣ ግማሹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ጨመረ። ክኒኑን ካልወሰዱት መሃለኛው ሰው፣ ማለትም እኩሌታው ከእሱ በላይ እኩሌታው ከእሱ በታች የኖሩት፣ በሕይወት የቆየው 5.91 ወር ነው፤ ከወሰዱት ደግሞ 6.24 ወር። ልዩነቱን በ30 አባዢው። አሥር ቀን ነው።

0.038 ስለ አሥሩ ቀን ትልቅነት ምንም አይናገርም። የሚለው ይህን ነው፦ ክኒኑ ምንም ባይሠራ ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በዕድል ብቻ የሚመጣው ከ100 ጊዜ ከ4 ባነሰ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ትንሽ ልዩነትም «ጉልህ» የሚያሰኘውን ይህን ፈተና ያልፋል። ያው አሥር ቀን በ60 ሰው ላይ ቢታይ ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

በረከት፦ እኔ አልስማማም። 0.038 ማለት መድኃኒቱ እንደሚሠራ 96 በመቶ እርግጠኛ ነን ማለት ነው። ደግሞ ለምን በመሃለኛው ሰው ብቻ ትለካለህ? ዓመት የሞላቸውን እይ። ያለ ክኒኑ ከ100 ሰው 17፣ ከክኒኑ ጋር 23። ስድስት ሰው ነው! ስድስት ቤተሰብ!

ዳዊት፦ የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ በረከት። ፒ ቫልዩ «መድኃኒቱ ባይሠራ» ብሎ ይነሳል እንጂ የመሥራቱን ዕድል አይነግርህም። ሁለተኛው ላይ ግን እውነትህን ነው። መሃለኛውን ሰው ብቻ ማየት ከኋላ ያሉትን ይደብቃል፤ እኔም መጥቀስ ነበረብኝ።

አንድ ነገር ጨምርበት። ጥናቱ ክኒኑ የሞት አደጋን በ18 በመቶ ይቀንሳል ይላል። የመተማመኛ ክልሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ግን ከ31 በመቶ እስከ 1 በመቶ ይዘረጋል። ደህና ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ የለም ለማለት የቀረበ ጥቅምም ሊሆን ይችላል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ይህን ክልል ነው። ፒ ቫልዩ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸፍናቸዋል።

ሰለሞን፦ ታዲያ ካንሰር ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው እያላችሁ ነው? ኬሞም ይቅር?

ዳዊት፦ ኧረ በጭራሽ! ፎልፊሪኖክስ የሚባለውን፣ ብዙ መድኃኒት ያጣመረ ኬሞ ከጄምሲታቢን ጋር ያወዳደረውን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ጥናት ተመልከት። ሰዎቹ 342 ብቻ ናቸው፤ ከቀደመው በጣም ያነሱ። ግን የመሃለኛው ሰው ዕድሜ በጄምሲታቢን ከነበረው 6.8 ወር ወደ 11.1 ወር ሄደ። አራት ወር ተጨመረ። እሱም ከባድ ነው፤ አቅም ያለው ሰው ብቻ ነው የሚችለው። የሁለቱ ጥናቶች ዜና ግን አንድ ዓይነት ነው፦ «ጉልህ መሻሻል ታየ»።

ትዕግሥት፦ ይቺ ቃል ናት እኛን ያሳሳተችን። በአማርኛ ጉልህ ማለት ከሩቅ የሚታይ ነው። እናቴ ስትታመም «ጥናቱ ጉልህ ውጤት አለው» ተባልን። ወንድሜ ይህንኑ ክኒን ከውጭ ገዝቶ ላከው። እኛም አዋጣን። ፊቷ በሽፍታ ተሞላ፤ ተቅማጡ አላስቆማት አለ። አሥር ቀን የሚል ቃል ከማንም አልሰማንም።

ማህሌት፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ታዲያ ስንት ቢሆን ነው በቂ የሚባለው?

ዳዊት፦ የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ቁጥር አስቀምጧል። ጄምሲታቢን ለሚወስዱ የቆሽት ካንሰር ሕሙማን ከ3 እስከ 4 ወር መጨመር አለበት ብሏል። ቁጥሩ ከሂሳብ የወጣ አይደለም፤ ሐኪሞችና የሕሙማን ተሟጋቾች ተመካክረው የወሰኑት ነው።

በረከት፦ እነሱ ማን ናቸው ለሌላው የሚወስኑት? ልጁን ሊድር ሁለት ሳምንት የቀረው አባት አለ።

ዳዊት፦ ለዚያ አባት አሥር ቀን ቃል ሊገባለት አይችልም። አሥሩ ቀን የመካከለኛ ልዩነት ነው፤ ለየሰው አይታደልም። አንዱ ወራት ያገኛል፣ ሌላው ሽፍታውን ብቻ። ማን ምን እንደሚያገኝ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከዚህ በኋላ ግን ውሳኔው የታካሚው ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

ትዕግሥት፦ የታካሚው አልክ። እናቴ አሥር ቀን መሆኑን ብታውቅ ክኒኑን ትውጠው ነበር ወይ እያልኩ ነው ከጧት ጀምሮ። እኛ ልጆቿ ነን የወሰንነው። እሷን አልጠየቅናትም።