የ2 ዓመት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያለቅስ ጠብታው ይደገማል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደምበጫ ነው። የ2 ዓመት ልጃችን ዓይኑ ቀልቶ ዓይናር ስለበዛበት በየ6 ሰዓቱ 1 የክሎራምፌኒኮል ጠብታ ታዞለታል። ዓይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ እንጠርጋለን። ከዚያ እጁን በጋቢ ጠቅልለን በጀርባው እናስተኛዋለን፤ አባቱ ራሱን በጉልበቶቹ መካከል ይይዛል። በግድ መግለጥ ስለሚያስፈራው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ በአፍንጫው በኩል ባለው ጥግ ላይ እናንጠባጥባለን። ሲገልጥ መድኃኒቱ ራሱ ይገባል።

የቸገረን እዚህ ላይ ነው። ጥርቅም አድርጎ ጨፍኖ ያለቅሳል፣ ራሱን ሲያዞር ጠብታው ወደ ጆሮው ይወርዳል። የታችኛው ሽፋን የሚይዘው ከ1 ጠብታ ያነሰ ስለሆነ ሁለት ማድረጉ ትርፉ ጉንጭ ማራስ ነው፤ ይህን እናውቃለን። ግን ምንም ካልገባ ወዲያው 1 ይደገም ወይስ ቀጣዩ ሰዓት ይጠበቅ? በእንባ የታጠበውንስ ከገባው በምን እንለየው? ተኝቶ ሳለ የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጎ ማድረግስ ይሻላል? የብልቃጡ ጫፍ ትናንት ሽፋሽፍቱን ነክቶታል፤ ይጣል ወይ? ወደ ቴትራሳይክሊን ቅባት እንዲቀየርልን ሐኪሙን ብንጠይቅስ? በልጅ ላይ የሠራችሁ ባለሙያዎች እባካችሁ መልሱልን።