በቶሮይድ ኢንዳክታንስ ስሌት N ሁለት ጊዜ የሚገባው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ጀማሪው)
ሰላም ለሁላችሁ። አየር ብቻ ያለበት፣ የአራት ማዕዘን መቁረጫ ያለው ቶሮይድ ተሰጥቶኛል። ውስጣዊ ራዲየሱ 2 ሴ.ሜ፣ ውጫዊው 4 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 1.5 ሴ.ሜ፣ የዙሩ ብዛት 500 ነው። በመቁረጫው ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት አስልቼ ለ I ሳካፍለው 1.04 ማይክሮሄንሪ አገኘሁ፤ የተሰጠው መልስ ግን 0.52 ሚሊሄንሪ ነው። N በመስኩ ውስጥ አንዴ ገብቷልና እንደገና ማባዛት ድግግሞሽ አይሆንም ወይ?

ሽቦ ጠምዛዥ
በ N ማባዛት ይኖርብዎታል። ኢንቲግራሉ ግን አያስፈልግም፤ በመካከለኛው ራዲየስ በ 3 ሴ.ሜ ላይ ያለውን መስክ በመቁረጫው ስፋት ቢያባዙ 0.50 ሚሊሄንሪ ያገኛሉ። ልዩነቱ የቁጥር ማጠጋጋት ነው።

የመስክ መምህር
ድግግሞሽ አይደለም፤ ሁለቱ N የተለያየ ሥራ አላቸው። የመጀመሪያው መስኩን ይፈጥራል፤ በ r ርቀት ላይ የተሳለ ክብ በውስጡ 500 ጊዜ የሚያልፍ ጅረት ስለሚያቅፍ B = μ₀NI/(2πr) ይሆናል። ሁለተኛው ፍሰቱን ይቀበላል፤ ያው ፍሰት በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ስለሚያልፍና ዙሮቹ በተከታታይ ስለተያያዙ፣ ጅረቱ ሲለዋወጥ በየዙሩ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ይደመራል። በ 1 አምፔር የአንዱ ዙር ፍሰት 1.04 ማይክሮዌበር ነው፤ የ500ው ድምር 520 ማይክሮዌበር ይሆናል።

L = μ₀N²h ln(b/a)/(2π)

የሽቦ ጠምዛዥ 0.50 ግን ከማጠጋጋት የመጣ አይደለም። መስኩ በውስጠኛው ጠርዝ 5 ሚሊቴስላ፣ በውጨኛው 2.5 ነው፤ አወራረዱ ቀጥተኛ ስላልሆነ በመሃል ያለው ዋጋ ከእውነተኛው አማካይ ያንሳል። ስለዚህ መቁረጫውን ቁመቱ h፣ ስፋቱ dr በሆኑ ቀጫጭን ሰቆች ከፋፍሎ መደመር ይገባል፤ ሎጋሪዝሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚህ ስህተቱ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ቀለበቱ ቀጭን ሆኖ b የ a 1.1 እጥፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ከሺህ አንድ እንኳ ስለማይሞላ አቋራጩ ያዋጣ ነበር።

የኃይል ሰሌዳ ሠሪ
እኔ በፌራይት ቀለበት ላይ ጠምጥሜ በዚሁ ቀመር μᵣ ጨምሬ አሰላሁ። ያለ ጅረት ስለካው ይቀራረባል፤ ቀጥተኛ ጅረት ሳሳልፍበት ግን ኢንዳክታንሱ በእጅጉ ይወርዳል። ቀመሩ ተሳስቷል ማለት ነው?

የመስክ መምህር
የጠያቂው ቀለበት አየር ስለሆነ ይህ እርሳቸውን አይመለከትም። በእርስዎ ግን ፌራይቱ እየጠገበ ነው። መስኩ ከውስጥ በኩል ስለሚበረታ መጀመሪያ የሚጠግበው የውስጠኛው ጠርዝ ነው፤ ያን ጊዜ μᵣ ከ r ጋር ስለሚለያይ ከኢንቲግራሉ ውጭ ሊወጣ አይችልም።

ጀማሪው
የ N ጉዳይ ግልጽ ሆኖልኛል። ነገር ግን ሽቦው ውፍረት ሲኖረው a እና b የሚለኩት ከሽቦው መሃል ነው ወይስ ከቀለበቱ ጠርዝ?

ሽቦ ጠምዛዥ
እኔ ከመሃል እለካለሁ። ሽቦው በብዙ ንብርብር ሲደራረብ ግን የትኛው እንደሚሻል አላረጋገጥኩም።