ክርክር፦ ተደራራቢ ዱቤ በሕግ ይገደብ?

ጥያቄ፦ «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ቤቱን ሲያደራጅ ስልኩንም ፍሪጁንም ፍራሹንም በየወር ክፍያ እየወሰደ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ዱቤ ይገደብ ትላላችሁ?»

ዕቃ ሻጭ፦ ምን አስፈለገ? ወለድ የለውም፤ 6 ከመቶ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው፣ ያውም ለ6 ወር። በዓመት ቢታሰብ 12 ከመቶ ነው። ዕቃው ነገ ስለሚወደድ ዛሬ የወሰደ አተረፈ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ዕቃው መወደዱ እውነት ነው፣ 12ቱ ግን ልክ አይደለም። የ12,000 ብር ስልክ ላይ 720 ብር በቅድሚያ ይከፈላል። ዋናው በየወሩ 2,000 እየተመለሰ ስለሚቀንስ ግን ሰውየው ዘንድ የሚቆየው ገንዘብ በአማካይ 7,000 ነው። ስለዚህ በዓመት ከ20 ከመቶ ይበልጣል። ቀድሞ ልክፈል ቢልም ብዙ ጊዜ 720ው አይመለስለትም፤ ውሉ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

የገላኗ፦ እኔ ግን ከሰፈር ሱቅ ዘይትና ስኳር በደብተር መውሰድን የምትከለክሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰው እስከ ደመወዝ በምን ይቆይ?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ አይ እህቴ፣ የደብተሩን አላነሳንም። ችግሩ መደራረቡ ላይ ነው። ደመወዙ 12,000፣ የቤት ኪራይ፣ ቀለብና ታክሲ 7,000 የሚወስድበት ሰው እንውሰድ። 5,000 ይተርፈዋል። የስልኩን 2,000 ከመስከረም ጀመረ። በኅዳር ፍሪጅ ጨመረ፣ በወር 3,000 ለ6 ወር፤ እስከዚህ ይችላል። በታኅሣሥ ፍራሽ ሲጨምር፣ 2,000 ለ3 ወር፣ ክፍያው 7,000 ደረሰ። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ክፍያ ከደመወዙ ሲሶ በታች አይቶ ነው የፈቀደው፤ ሦስቱን አንድ ላይ የደመረ የለም።

የጎደለውን 2,000 በሞባይል ብድር ይሞላል። የብድሩ የአገልግሎት ክፍያ በወር 8 ከመቶ ቢሆን በጥር 2,160 ይመልሳል። ያን ወርም 2,000 ስለሚጎድለው አዲሱ ብድር 4,160 ይሆናል፣ በየካቲት ደግሞ ወደ 6,500። የስልኩና የፍራሹ ክፍያ በየካቲት አለቀ፤ የሞባይሉ ብድር ግን አላለቀም። በመጋቢት ከፍሪጁ የሚተርፈው 2,000 ብቻ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ብድር የሚወሰደው ሌላ ብድር ለመክፈል ከሆነ አቅም አልፏል ማለት ነው።

ዕቃ ሻጭ፦ ሒሳቡን ተቀብያለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የሞባይል ብድሩ ነው፣ እኛ ምን አደረግን?

የገላኗ፦ ደመወዝ ወር መጨረሻ ገብቶ ክፍያው 25 ላይ የሚቆረጥስ? ደመወዙ የሚበቃው ሰው በአምስት ቀን ልዩነት ብቻ ቅጣት ይከፍላል።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ትክክል ብለሻል፤ ቀኑን ከደመወዝ በኋላ እንዲያደርጉለት ውል ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። በዱቤው ቁጥር መገደቡ ግን ልክ አይመስለኝም፤ ሦስት ትንንሽ ዱቤ ከአንድ ትልቅ ሊቀል ይችላል። ገደቡ የወር ክፍያው ድምር ላይ ይሁን።

ዕቃ ሻጭ፦ ድምሩን ማን ያሳየኛል? በባንክ በኩል የተሰጠው ዱቤ ይታይ ይሆናል፣ ጎረቤቴ ያለው ሱቅ በራሱ ወረቀት የሰጠውን ግን እኔም ባንኩም አናይም። ያ ካልተመዘገበ ገደቡ የሚይዘው እኛን ብቻ ነው።