የውርወራ ቼክሊስቴ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም የስፖርት መምህራን። የ8 ዓመት ልጆችን ከትከሻ በላይ ውርወራ እስካሁን በሜትር ብቻ ነበር የምመዝነው። ግን ከሁሉም የሚያርቀው ልጅ በቀኝ እጁ እየወረወረ ቀኝ እግሩን ነው የሚያስቀድመው። ስህተቱን ጥንካሬው ይሸፍንለታል። አንዷ ደግሞ አወራወሯ ያምራል፣ ትንሽዬ ስለሆነች ግን ኳሷ ቅርብ ይወድቃል።

ስለዚህ አራት ነጥብ ያለው ቼክሊስት ያዝኩ። እጅ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ወደ ኋላ ይዞራል። ዳሌና ትከሻ ዞረው የማይወረውረው ጎን ወደ ፊት ይመጣል። የተቃራኒው እግር ይራመዳል። ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ ክንዱ ሰውነትን አቋርጦ ይወርዳል። ከታየ 1፣ ካልታየ 0፤ በሁለት ሙከራ ከ8 ይያዛል።

መጀመሪያ 4 ሜትር ላይ ዒላማ አስቀመጥኩ። ሁሉም ቆመው በእጅ አንጓ ብቻ ወረወሩ! ያቺ ልጅ እንኳ 3 አገኘች። በማግስቱ «ግድግዳውን በኃይል ምቱ» ስላቸው 7 አመጣች። ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ነው።

አሁን ያቃተኝ የዳሌው ነጥብ ነው። ከባልደረባዬ ጋር 20 ልጆችን አብረን መዘንን። በእግሩ ተስማማን፣ በዳሌው ግን በ7ቱ ተለያየን። እኔ ከፊት ነበርኩ፣ እሱ ከሚወረውረው እጅ በኩል።

የት ነው የምትቆሙት? ግማሽ ለዞረ ልጅስ 0 ነው የምትሰጡት? በአንድ ውርወራ አራቱንም ማየት አልቻልኩም፤ ቪዲዮ ሳልቀርጽ የሚሠራ ዘዴ ያለው ካለ ይንገረኝ።