አባቴ አርፏል፣ ባንኩ ውክልናዬን አልቀበልም አለ

ሳሮን፦ እርዱኝ በናታችሁ! ውክልና እያለኝ ዛሬ ባንክ ስሄድ «አይሠራም» ብለው ሂሳቡን አገዱት። የቀብር ዕዳ አለብን። እናቴ አለች፣ ሦስት ልጆች ነን፣ አንዷ ውጭ ናት። ምን ይዤ ልሂድ?

ቢኒ፦ ነፍስ ይማር። የኤቲኤም ካርዱ ቤት የለም? ፒኑን ካወቅሽ አለቀ 😅

ጋሽ መዝገቡ፦ ቢኒ፣ ሰው አታሳስር። ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ይመዘግባል። ካረፉ በኋላ የወጣውን ገንዘብ ሌላው ወራሽ ነገ ይጠይቃታል።
ሳሮን፣ ባንኩ ልክ ነው። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ያበቃል። መጀመሪያ ከወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት አውጪ። ከዚያ ልጅነታችሁን የሚያሳይ ማስረጃና ምስክሮች ይዛችሁ ለፍርድ ቤት የወራሽነት አቤቱታ አቅርቡ። ስትጨርሱ የሂሳብ ቁጥሩን ጠቅሶ ለባንኩ ትእዛዝ እንዲጽፍላችሁም ጠይቁ። አለበለዚያ ወራሽነቱን ይዘሽ ሄደሽ «ከፍርድ ቤት ደብዳቤ አምጪ» ብለው ሊመልሱሽ ይችላሉ።

ማሂ፦ ለምን ፍርድ ቤት? ሚስት አለች አይደል፣ እሷ ትፈርም። የኛ ጎረቤት እንዲያ ነው ያወጣችው።

ጋሽ መዝገቡ፦ የጋራ ሂሳብ ሆኖ ይሆናል። ይሄ በአባት ስም ብቻ ነው። ግን ማሂ ግማሽ እውነት አላት፤ በትዳር ውስጥ የተጠራቀመ ከሆነ የእናት ድርሻ መጀመሪያ ይወጣል። ለምሳሌ 240,000 ብር ቢሆን 120,000ው የእናት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ቀሪው ለሦስት ልጆች 40,000፣ 40,000 ይደርሳል። እናት ግማሹን የሚወስዱት እንደ ወራሽ አይደለም፣ የራሳቸው ስለሆነ ነው። አቤቱታው ላይ ይህን ለይታችሁ ጻፉ።

ዮናስ፦ የሞት ምስክር ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ በቃ።

ማሂ፦ ተብሏል ዮኒ 🙄

ሳሮን፦ ሌላ ጣጣ አለ። ደብተሩ ላይ «ኃይለማርያም» ነው፣ መታወቂያው ላይ «ኃይሌ»። እህቴስ መምጣት አለባት?

ወለላ፦ በኛ ቤት የያዘን ስሙ ነው እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ባንክ ቤት የምትቀመጠው ልጅ በጣቷ ፊደሉን እየቆጠረች አነበበችና «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለችን። መዝገቡ ሳይዘጋ ለዳኛው ንገሪ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ምስክር አሰሚና ውሳኔው ላይ ይጻፍ። ከውሳኔ በኋላ ማስተካከል ሌላ ምልልስ ነው። እህትሽ መምጣት የለባትም፣ ካለችበት ኤምባሲ ውክልና ትላክ። ግን በውርስ ስም እንድትቀበዪና እንድትፈርሚ በግልጽ ይጻፍበት። «ጉዳዬን ሁሉ» የሚለውን ባንክ አይወደውም።

ቢኒ፦ ለቀብሩ ዕዳስ ባንኩ ትንሽ አይለቅም?

ጋሽ መዝገቡ፦ ሥራ አስኪያጁን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ቃል አልገባም።

ትግስት፦ እኛስ? አባታችን ሂሳብ እንዳለው እናውቃለን፣ ደብተሩ ግን ጠፋ፣ የትኛው ባንክ እንደሆነም አናውቅም። በምን ይታወቃል?